ለአሮጊት ድመት የአሸዋ ሳፋ

«ድመቴ 14 ዓመቷ ነው፤ መገጣጠሚያዋ ደርቋል። ሳፋው ድረስ ትሄድና አጠገቡ ወለል ላይ ትሸናለች። ሳፋው ምን ያህል ይሁን? የትስ ላስቀምጠው? ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነን።»

መግቢያውን ዝቅ አድርጊው፤ እስከ ሳፋው መጥታ የምትተወው ጠርዙን መሻገር ስለሚያማት ሳይሆን አይቀርም። መግቢያው ከወለል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ሌሎቹ ሦስት ጎኖች ግን 25 ይቁሙ፤ ቁጢጥ ማለት የከበዳት ድመት ከፍ ብላ ስለምትሸና ሽንቱ በላይ ይዘላል።

ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሥር ለኪና የሳፋውን ርዝመት የዚያ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጊው። 45 ከሆነች ወደ 68 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሳፋ ካጣሽ የልብስ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ሣጥን ግዢና አንዱን ጎን በጋለ ቢላ ቁረጪ። የተቆረጠው ጠርዝ ሆዷን እንዳይቧጭራት ፕላስተር ለጥፊበት።

አሸዋው 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሲበዛ እግሯ ይሰምጥና ሚዛን ያሳጣታል። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ጠጠሩን በወንፊት አውጪ።

ከምትተኛበት ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ደረጃ በሌለበት ቤት ውስጥ ይሁን። ግቢ አታውጪው፤ የድሬ ፀሐይ ያጋለው ሲሚንቶ መዳፏን ያቃጥላታል። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ መግቢያው ፊት የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፊ።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ በቀላሉ እየገባችም ደጋግማ አምጣ ጠብታ ብቻ ከወጣት ችግሩ መገጣጠሚያ አይደለም፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይያት።