ኢሲጂው ንጹሕ ሆኖ ደም ሥሩ ተሰንጥቆ ተገኘ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ 46 ዓመቱ ነው። የግፊት መድኃኒቱን ካቆመ ወራት አልፈዋል። ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ድንገት በትከሻዎቹ መሐል «ተቀደድኩ!» ብሎ ጮኸ። ክሊኒክ ወስደነው ኢሲጂ ተነሣ፣ ደህና ነው፣ ጨጓራ ነው ብለው መለሱን። ማታ ሕመሙ ወደ ወገቡ ወረደ። ሌላ ሆስፒታል በሲቲ ስካን «ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር ተሰንጥቋል፣ የወራጁ ክፍል ነው» አሉን። አሁን በመድኃኒት ተሽሎታል። ኢሲጂው እንዴት አላየውም? እኔስ ልመርመር?

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎት። ኢሲጂ የሚያነበው የልብን ኤሌክትሪክ ነው፤ የወንድምዎ ጉዳት ደግሞ በዚያ ትልቅ ደም ሥር፣ በአኦርታ ላይ ነው። የአኦርታ ግድግዳ ሦስት ንብርብር አለው። የኮት ገበር ተቀዶ እጅዎን ሲያስገቡ በገበሩና በጨርቁ መሐል ይገባ የለ? ደሙም እንደዚያው የውስጡን ሽፋን ቀዶ በመሐል ይገባና ንብርብሩን እየላጠ ይወርዳል።

ወንድምዎ በሽታውን በአንድ ቃል ተናግሮት ነበር። የልብ ድካም ሕመም ብዙ ጊዜ እየበረታ ይመጣል፤ ይኼኛው ግን ገና ሲጀምር በጣም ኃይለኛ ነው፣ ስንጥቁ ሲወርድ ደግሞ አብሮት ቦታ ይቀይራል (ሁሉም ታማሚ ግን «ቀደደኝ» አይልም)። የሁለቱ ክንዶች ግፊት ከ20 በላይ ከተለያየ ጥርጣሬው ይጨምራል። እኩል ቢሆንም፣ የደረት ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ግን የለም ማለት አይቻልም።

ቁርጡን የሚነግረን በክንድ ደም ሥር ማቅለሚያ ተሰጥቶ የሚነሣው ሲቲ ነው። አንዱ ቧንቧ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። ጥድፊያው ለምን መሰለዎት? ስንጥቁ ልብ አጠገብ ካለው ወጪው ክፍል ላይ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያልታከመ ሰው የመሞት ዕድል በየሰዓቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይጨምራል፤ ቀዶ ሕክምና የግድ ነው። የወንድምዎ ወራጁ ክፍል ላይ ስለሆነና ወደ ሌላ አካል የሚሄደው ደም ስላልተቋረጠ ግፊቱንና የልብ ምቱን በመድኃኒት ማውረድ በቃው። ሌላም አለ፦ ሲቲው ሳይነሣ የልብ ድካም ነው ተብሎ ደም ማቅጠኛ ቢሰጠው ኖሮ መድማቱ ይብስ ነበር።

ሐኪምም ይሳሳታል። የዚህን በሽታ ቀዶ ሕክምና ካስጀመሩት አንዱ የነበሩት አሜሪካዊው ማይክል ደቤኪ በ2005 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ በ97 ዓመታቸው፣ ራሳቸውን ሲይዛቸው መጀመሪያ የልብ ድካም መስሏቸው ነበር። በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እስከ 2008 ኖረዋል።

እርስዎ? አዎ፣ ይመርመሩ። ዋናው መንስኤ ያልተቆጣጠሩት ግፊት ነው፣ በቤተሰብም ይሄዳል፤ በተለይ በ46 ዓመት ሲከሰት እንጠረጥራለን። ግፊትዎን ዛሬ ይለኩ፣ የልብ አልትራሳውንድም ይነሡ፤ እሱ የአኦርታን መነሻ ያሳያል፣ ሰፍቶ ከተገኘ ሲቲ ይታከላል። ቤት ውስጥ በጣም ረዥም፣ ጣቶቹም ረዣዥም የሆኑ ሰው ካለ፣ በዘር የሚሄድ ችግር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ወንድምዎ ደግሞ ተሻለኝ ብሎ ክኒኑን እንዳይተው፤ ሲቲው በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ ይነሣል፣ ከዚያም በየዓመቱ።