በሚያብረቀርቅ ጠርሙስ ላይ የሚያርፍን ብርሃን በጽሑፍ ስለ ማዘዝ

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

በቅርቡ አንዲት ጀማሪ የምርት ፎቶግራፍ አንሺ «በሥራ ማዘዣው ላይ ‹ለስላሳ የስቱዲዮ ብርሃን› ብዬ ከጻፍሁ ለመብራት ባለሙያው አይበቃውም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ለሰው ፊት ወይም ለልብስ ይበቃ ይሆናል፤ ለሚያብረቀርቅ ጠርሙስ ግን አይበቃም። መልሱን በአጭሩ ነግሬአት ማለፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄዋ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ የሥራ ቀን ስለ ቀሰቀሰብኝ፣ ነገሩን ለሁላችሁም በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ።

በዚያን ጊዜ እኔ መብራት የምሸከምና ማቆሚያ የማስተካክል ረዳት ነበርሁ። የሚነሣው ጥቁር አረንጓዴ የዘይት ጠርሙስ ሲሆን፣ በማዘዣው ላይ ስለ ብርሃኑ የተጻፈው «ለስላሳና የተሰራጨ» የሚል ብቻ ነበር። የመብራት ባለሙያው፣ እጅግ የማከብረው ሰው፣ 60 በ90 ሳንቲሜትር የሆነውን ሶፍትቦክስ፣ ማለትም ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን የመብራት ሳጥን፣ ከጠርሙሱ በስተግራ፣ ግማሽ ሜትር ያህል አርቆ አቆመው። በጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለይም ነበር። እርሱም ይህን አይቶ ብርሃኑ የታዘዘው ዓይነት መሆኑን አረጋገጠ።

ደንበኛዋ ግን ፎቶውን ገና እንዳየች «ይህ እኮ ጠንካራ ብርሃን ነው» አለች። ጣቷን ያሳረፈችው በጥላው ላይ ሳይሆን በጠርሙሱ ሆድ ላይ ነበር፤ እዚያም ጠርዙ በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል ነጭ አራት ማዕዘን ተጋድሟል። ባለሙያው በሶፍትቦክሱ ላይ ሁለተኛ ጨርቅ ደረበ። ነጩ ቅርጽ ትንሽ ፈዘዘ እንጂ ጠርዙ እንደ ነበረ ቆየ። የፍላሹን ኃይል ቀነሰ፤ አሁንም ያው ነው። በመጨረሻም ብርሃኑን ለማለዘብ አስቦ ሶፍትቦክሱን ወደ 2 ሜትር አራቀው፤ በዚህ ጊዜ ነጩ ቅርጽ ጠበበ፣ ጠርዙ አልለዘበም፣ እስካሁን ለስላሳ የነበረው ጥላም መስመር አወጣ። እርሷ ትእዛዜ አልተፈጸመም ብላ፣ እርሱ ደግሞ ሙያዬ ተናቀ ብሎ ተለያዩ። ከዚያ በኋላ የጠርሙስ ሥራ ሲመጣ «ለሌላ ስጡት» ይል ነበር። የሚቆጨኝ ሁለቱም ያዩት እውነት መሆኑ ነው፤ እርሱ የተመለከተው ጥላውን፣ እርሷ የተመለከተችው ነጸብራቁን ነበር፤ በማዘዣው ላይ የተጻፈው ቃል ግን ሁለቱን አይለይም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጥላ የሚለሰልሰው የብርሃኑ ምንጭ ከዕቃው አንጻር ሲሰፋ ነው፤ ለዚህም ነው ያንኑ ሶፍትቦክስ አራት እጥፍ ስናርቀው ከጠርሙሱ በኩል ሲታይ በአራት እጥፍ ያህል የሚያንሰውና ጥላው የሚደርቀው። የሚያብረቀርቅ መስታወት ግን መብራቱን ራሱን መልሶ ያሳያል። በፊቱ የቆመው እኩል የበራ፣ ጠርዙ የተለየ ነጭ ሰሌዳ ከሆነ፣ ጥላው የቱንም ያህል ቢለሰልስ በጠርሙሱ ላይ የሚታየው ጠርዙ የተለየ ነጭ ሰሌዳ ነው። ነጸብራቁ ጠርዙ እንዲሟሟ ከተፈለገ፣ የሚንጸባረቀው ነገር ራሱ ከመካከሉ ደምቆ ወደ ዳር እየደበዘዘ መሄድ አለበት። ይህም የሚገኘው ከሶፍትቦክሱ ፊት ራቅ ብሎ ሌላ ሰፊ ማሰራጫ በመዘርጋት እንጂ በዚያው ሳጥን ላይ ጨርቅ በመደራረብ አይደለም።

ስለዚህ ስለ ጥላውና ስለ ነጸብራቁ በተለያየ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እኔ ለዚያ ጠርሙስ ዛሬ ብጽፍ እንዲህ እል ነበር፦

«ከካሜራው በስተግራ፣ ከጠርሙሱ በጣም የሚረዝምና የሚሰፋ ነጭ ማሰራጫ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ይዘርጋ፤ ጠባብና ረጅም ሶፍትቦክስ ከማሰራጫው በስተጀርባ 40 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ይቁም። በጠርሙሱ ግራ ጎን ላይ ከትከሻው እስከ መቀመጫው የሚወርድ አንድ ነጭ መስመር ይታይ፤ መስመሩ ከመካከሉ ደምቆ በሁለቱም ጎን ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴው ይግባ፤ የማሰራጫው ጠርዝ በመስታወቱ ላይ አይታይ። የጥላው ዳርቻ የት እንደሚያልቅ አይለይ።»

ጠንካራና አቅጣጫ ያለው ብርሃን ሲፈለግም «ኃይለኛ ብርሃን» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያ ስለ መጠኑ እንጂ ስለ ጠባዩ አይናገርም፣ የሚያነበውም ሰው የፍላሹን ኃይል ጨምሮ ያርፋል። ይልቁንም እንዲህ በሉ፦

«ማሰራጫ የሌለው አንድ ትንሽ መብራት ብቻ፣ ከጠርሙሱ በስተቀኝና ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ ከፍ ካለ ቦታ በ2 ሜትር ርቀት ይብራ። ጥላው ወደ ግራና ወደ ካሜራው ይውደቅ፤ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይለይ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለፈው ብርሃን በጥላው መካከል አረንጓዴ ሆኖ ይታይ። በትከሻው ላይ አንድ ጠባብ ደማቅ ነጥብ ይኑር፤ በሆዱ ላይ ረጅም ነጭ መስመር አይኑር።»

የመጨረሻው ሐረግ ትርፍ አይደለም። ብዙ አዛዦች ጠንካራ ጥላና ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ነጭ መስመር ከአንድ መብራት ይጠይቃሉ። የጠርሙሱ ሆድ ቁመቱን ሲከተሉት ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ በላዩ ረጅም መስመር የሚታየው ረጅም የሆነ ነገር ሲንጸባረቅበት ነው፤ ትንሽ መብራት ነጥብ እንጂ መስመር አይሠራም። ሁለቱም ከተፈለጉ ሁለተኛ ምንጭ መኖሩ በግልጽ ይጻፍ።

የዛሬ ወጣቶች ከመጻፍ ይልቅ ከሌላ ሥራ የተወሰደ ፎቶ አያይዛችሁ «እንደዚህ ይሁን» ማለት ትወዳላችሁ። ይህን ልማድ አልወደውም፤ ተመልካቹ በፎቶው ላይ የፈለገውን ያያልና፣ በዚያን ቀን የሆነውም ይኸው ነበር። ሆኖም በዚያን ቀን አንድ ናሙና ፎቶ በጠረጴዛው ላይ ቢኖር ኖሮ ጠቡ በአፍታ ይበርድ እንደ ነበርም አልክድም። እንግዲህ ፎቶ ካያያዛችሁ ከሥሩ «የምፈልገው የነጸብራቁን ጠርዝ ነው፤ ጥላውን አይደለም» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት።

በጠርሙሱ ላይ ስለ ተለጠፈው የወረቀት መለያም ለብቻው መጻፍ ይገባል፤ ወረቀት እንደ መስታወት አያንጸባርቅምና። ኃይሉን ሳትነኩ ማሰራጫውንና መብራቱን አንድ ላይ ብታቀርቧቸው ወረቀቱ ይደምቃል፤ በመስታወቱ ላይ ያለው ነጭ መስመር ግን ይሰፋል እንጂ ብዙም አይደምቅም። በዚህ የተነሣ «ብርሃኑ ይድመቅ» የሚል ትእዛዝ ወረቀቱን ይሁን መስመሩን እንደሚመለከት ካልተገለጸ፣ ሠራተኛው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገጹ ለሚያብረቀርቅ ጠርሙስ ነው። ገጹ የደበዘዘ፣ በአሸዋ የተፋቀ መስታወት ከመጣላችሁ ትንሹም መብራት በላዩ ላይ ተበትኖ ጠርዝ የሌለው ብርሃን ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ሁለቱን የብርሃን ዓይነቶች የሚለየው በዋናነት ጥላው ስለሆነ፣ ስለ ነጸብራቁ ጠርዝ የጻፋችሁትን ሰርዛችሁ የጥላውን ዳርቻ ብቻ ግለጹ።