«ሲመችህ ደውልልኝ» ለማን እንዴት ይባላል?

ጥያቄ፦ ገና ስራ የጀመርኩ ልጅ ነኝ። ለጓደኛዬ «ሲመችህ ደውልልኝ» ብዬ ቴክስት አደርጋለሁ። ለአባቴ ጓደኛና ለስራ ባልደረቦቼስ? «ሲመችዎ ይደውሉልኝ» ብል ለሁሉም ይሆናል?

መልስ፦ ለሁሉምስ አይሆንም። (አንተ እያልኩ የምመልስልህ ልጅ ነኝ ስላልክ ነው፣ ካጠፋሁ ንገረኝ።) የጓደኛው ቀላል ነው፣ ለወንድ ደውልልኝ ለሴት ደውይልኝ፣ በቃ። «ደውልልኛ!» ስትል ግን ነገሩ ይቀየራል፣ መጨረሻ ላይ የምትሳበው «ኣ» «ምነው ጠፋህ» አይነት ጉትጎታ አለባት፣ ለቅርብ ሰው ካልሆነ አትላክም።

ባልደረባህ እኩያህ ከሆነና አንተ ከተባባላችሁ እርስዎ ማለት አይሄድም፣ ወይ የተኮራረፋችሁ ወይ የምታሾፍ ትመስላለህ። ማለዘብ ከፈለክ ትእዛዙን ወደ ጥያቄ አዙረው፦ «ሲመችሽ ትደውይልኛለሽ?»። ብዙ ሰው «እባክህ» ይጨምርበታል፣ ግን «እባክህ!» ያላመነ ሰውም የሚለው ነገር ስለሆነ ድምፅ በማይሰማበት ቴክስት ላይ «እባክህን» ወይም «ከቻልክ» ይሻላል። በእድሜ ከፍ ላሉትማ በእርስዎ ጀምር፣ «ኧረ አንተ በለኝ» ካሉህ ያኔ ትተወዋለህ።

አሁን ወደ አባትህ ጓደኛ። በእርስዎ ስናወራ ግሱ «እነሱ» ከምንለው ጋር አንድ አይነት ነው፣ ስለዚህ «ነገ ይደውሉልኝ» ብቻ ብለህ ብትልክ ሰውየው «እነማን ናቸው የሚደውሉት?» ሊሉ ይችላሉ። «ሲመችዎ» ያልካት ነገር ይሄን ታጠራዋለች፣ እሷ ከሌለች «ጋሼ» ብለህ አስቀድም። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ደግሞ መደባለቅ ነው፣ «ሲመችዎ ደውልልኝ» ይሉና ግማሹ አክብሮት ግማሹ ትእዛዝ ይሆናል፣ አንዴ በእርስዎ ከጀመርክ ግሱም ቅጥያውም እስከመጨረሻው አብሮ መሄድ አለበት። («ሲመቾት» እያሉ የሚጽፉ አሉ፣ ሲነገር እንደዛ ስለሚሰማ ነው፣ እኔ «ሲመችዎ» እመርጣለሁ።)

ግን ሰዋስው ትክክል ሆኖም «ይደውሉልኝ» ለትልቅ ሰው ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ያንተ ሆኖ ሳለ ደዋዩ እሳቸው ሆኑ። ስለዚህ ስራውን ወደራስህ አዙረውና «ጋሼ፣ መቼ ልደውልልዎ?» በል። ሰአቱን ማወቅ ካልቻሉ «ሲመችዎ ሚስኮል ያድርጉልኝ፣ እኔ እደውላለሁ» በላቸው፣ ካርዳቸውንም አትነካ።

ከልጅነትህ ጀምሮ «ጋሼ» እያልክ ግን በአንተ የምታናግራቸው ከሆነስ? እንደዛው ቀጥል፣ «ጋሼ መቼ ልደውልልህ?» በል። ድንገት እርስዎ ብትላቸው ምን አስቀየምኩት ብለው አባትህ ጋር ይደውላሉ።