ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ሒሳብ፣ ሁለት ፋይል

*ቡሬ ውስጥ የእህል መጋዘን ሒሳብ እይዛለሁ። ቀን በቢሮው ኮምፒውተር፣ ማታ በቤቴ ላፕቶፕ በአንድ የድሮፕቦክስ ፎልደር እሠራለሁ። ሰሞኑን ከኤክሴል ፋይሌ ጎን ስሙ የተራዘመ ሌላ ፋይል ይፈጠራል። ትርፍ መስሎኝ ልሰርዘው ነበር። ልሰርዘው?*

አይሰርዙት። የትናንት ከሰዓት ሥራዎ ያለው እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስሙን ልብ ብለው ያንብቡት፤ እንዲህ ያለ ነው፦

```
Hisab (BIRO-PC's conflicted copy 2025-03-11).xlsx
```

በቅንፍ ውስጥ ያለው ስም ፋይሉ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ ይነግርዎታል።

ነገሩ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ሰኞ 9 ሰዓት ላይ የቢሮው ኢንተርኔት ተቋረጠ እንበል። ፋይሉ እስከ 412ኛው ረድፍ ተሞልቷል። እርስዎ ስምንት ረድፍ ጨምረው አስቀመጡና ኮምፒውተሩን ዘግተው ሄዱ፤ ስምንቱ ረድፎች ግን ከቢሮ አልወጡም። ማታ ላፕቶፑ የሚያውቀው እስከ 412 ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ስድስት ረድፍ ጨመሩ፣ ወዲያው ተላከ። ማክሰኞ ጠዋት የቢሮው ኮምፒውተር ሲከፈት የሰኞውን ሥራ ሊልክ ይሞክራል፤ ድሮፕቦክስ ግን የተነሣበት ቅጂ አሁን ያለው አለመሆኑን ያያል። ሁለቱን ማዋሐድ ስለማይችል ቀድሞ የደረሰውን በዋናው ስም ይተውና ዘግይቶ የደረሰውን ለብቻው ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ቀድመው የሠሩት ሥራ «ቅጂ» ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኤክሴል በቢሮው መረብ ላይ ያለ ፋይል በሌላ ሰው ከተከፈተ ያስጠነቅቃል። እዚህ የማያስጠነቅቀው፣ ለዚህ የሚፈጥረውን በ `~$` የሚጀምር ጊዜያዊ ፋይል ድሮፕቦክስ ስለማይልከው ነው። ቢሮ ውስጥ ኤክሴልን ሳይዘጉ ቤት ሄደው መሥራትም ያንኑ ጣጣ ያመጣል።

ለማስተካከል ሁለቱንም ፋይሎች ከፎልደሩ ውጭ ገልብጡና ያስቀምጡ። ከዚያ ሁለቱን ሉሆች በአንድ አዲስ ፋይል ውስጥ አስገብተው `Bet` እና `Biro` ብለው ይሰይሟቸው። በሦስተኛው ሉህ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የገንዘቡን ዓምድ፣ እዚህ D ነው እንበል፣ ያመሳክሩ፦

```
=IF(Bet!D2=Biro!D2,"","X")
```

ወደ ታች ይጎትቱት። ከ413 ጀምሮ ልዩነት መታየቱ የሚጠበቅ ነው፤ የቢሮዎቹን ስምንት ረድፎች ከቤቶቹ ስድስት በታች ይለጥፉ። እስከ 412 ባሉት ረድፎች ውስጥ `X` ካዩ ግን የቆየ ቁጥር ተነክቷል ማለት ነውና ከደረሰኙ ጋር ያስተያዩ። መሐል ላይ ረድፍ ከተጨመረ ወይም ቅደም ተከተሉ ከተቀየረ ቀመሩ ከዚያ በታች ያለውን አብዛኛውን `X` ያደርገዋል፤ አስቀድመው ሁለቱንም በደረሰኝ ቁጥር ደርድሯቸው። ቅጂውን የሚሰርዙት ድምሩ ከገጠመ በኋላ ነው። ቢቸኩሉም በነፃው አገልግሎት የተሰረዘ ፋይል ለ30 ቀን መመለስ ይቻላል።

ወደፊት ከቢሮ ሲወጡ ኤክሴልን ዘግተው በፋይሉ ላይ አረንጓዴው ምልክት እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ቤትም ላፕቶፑ ምልክቱን ሳያሳይ አይክፈቱት። ኢንተርኔት ከሌለ ፋይሉን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፣ ወይም በዚያ ምሽት አይንኩት።

ሒሳቡን ወደ ፒችትሪ ለማዛወር ካሰቡ ደግሞ የፒችትሪን የመረጃ ፎልደር ድሮፕቦክስ ውስጥ አያስገቡት። እዚያ አንድ ደረሰኝ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ከመካከላቸው የአንዱ ቅጂ ብቻ ቢለያይ በቀመር የሚገኝ አይሆንም።