ቁልጭ አድርጎ እያነበበ የማይገባው ልጅ

«ልጄ 3ኛ ክፍል ነው። ከይርጋለም አዲስ አበባ ከገባን ሁለት ዓመታችን ነው፣ ቤት ውስጥ የምናወራው ሲዳምኛ ነው። አማርኛውን ሳይደናቀፍ ያነባል፤ ምን አነበብክ ስለው ግን ዝም ይላል። አስተማሪው ንባብ ይለማመድ አሉኝ። ችግሩ የቱ ጋ ነው?»

እህቴ፣ ሳይደናቀፍ የሚያነብን ልጅ ደጋግሞ ማስነበብ ብዙም አይጠቅመውም። 3ኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር 11 ዓመቴ ነው፣ እንደ ልጅሽ ያሉ ልጆች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል።

መጀመሪያ ይህን ሞክሪ። አንብቦት የማያውቀውን አጭር ታሪክ ምረጪ፣ ስምንት ወይም አስር መስመር ይበቃል። እሱ አያንብብ። አንቺ ቀስ ብለሽ አንብቢለትና በራሱ አነጋገር ይንገርሽ። በማግስቱ ክብደቱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ታሪክ ራሱ ያንብብና ይንገርሽ። ሲሰማ ገብቶት ሲያነብ ከጠፋበት፣ ጉልበቱን የሚጨርሰው ፊደሉ ነው። ሲሰማም ሲያነብም እኩል ከጠፋበት ግን አማርኛው ራሱ ነው ያልገባው።

ፊደሉን በደንብ መቻሉን ለማረጋገጥ ደግሞ የሌሉ ቃላት ፈጥረሽ ጻፊለት። «ገሙሶ»፣ «ጨፊዳ»፣ «ቀንጢሮ» የመሳሰሉ አስር ያህል። በቃሉ የያዛቸው ስላልሆኑ ማምለጫ የለውም፤ ቶሎ ቶሎ ካነበባቸው ፊደሉን ተዪው። አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያውን እየረሳ ከሆነ ግን ምንም ሳይሳሳት ቢጨርስም ፊደል ገና ይከብደዋል ማለት ነው።

አንዲት ተማሪዬን ልንገርሽ። ቤታቸው የሚነገረው ሀዲይኛ ነበር። «አቶ ደምሴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ሰፊ ነው» የሚለውን ስታነብ ሁለቱንም «ሰፊ» አላልታ አነበበቻቸው። ፊደሏ አንድም አልተሳሳተም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ ስለዚህ ቤቱ ትልቅ መሆኑን የተረዳ ልጅ ብቻ ነው ሁለተኛውን አጥብቆ የሚያነበው። እኔም በፊት እንዲህ ያለውን የንባብ ስህተት ነው ብዬ አርሜ አልፈው ነበር፤ አሁን ግን ልጁ ትርጉሙን እየተከተለ እንዳልሆነ የሚነግረኝ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው።

ከዚያ «ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ገበያ ትሄድ ነበር» የሚለውን አነበበችልኝ። ሄደች ወይስ አልሄደችም አልኳት። «ሄደች» አለች። ዝናብ፣ ገበያ፣ መሄድ፣ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። የጠፋባት «ባይ... ኖሮ» ነው። «አልማዝ ለከበደ እስክሪብቶ አዋሰችው። ሲጨርስ መለሰላት» ብዬ እስክሪብቶው አሁን ማን ጋ እንዳለ ስጠይቃት ደግሞ «ከበደ ጋ» አለችኝ። «መለሰላት» ላይ ያለችው «ላት» አልፋት ሄዳለች። ቋንቋው የሚጎድለው ልጅ ትልልቅ ቃላት ብቻ የሚጎድሉት ይመስለናል፣ ግን አማርኛ ማን ለማን ምን እንዳደረገ የሚናገረው በግሱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ታሪኩ የሚበላሸው እንደዚህ ባሉ ትንንሽ ነገሮች ነው።

የዚች ልጅ ፈተና ታዲያ ያን ያህል መጥፎ አልነበረም፣ ለዚህም ነው ማንም ያላየላት። «ጨምቦው ፈጢራውን ደለጠ» ብዬ ብጽፍልሽና ማን ደለጠ ብልሽ «ጨምቦው» ትያለሽ፣ ምንም ሳይገባሽ። የክፍል ጥያቄ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ልጁ የጥያቄውን ቃል ከምንባቡ ፈልጎ አጠገቡ ያለውን ይገለብጣል። «ለምን ይመስልሃል?»፣ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ስትዪው ከዘጋ ያኔ ይታያል። ልጅሽንም እንዲህ እያልሽ ጠይቂው።

አንድ ነገር ሳታጣሪ ግን አትደምድሚ። ያንኑ ዓይነት ታሪክ በሲዳምኛ አውሪለትና በሲዳምኛ መልሶ ይንገርሽ። ቅደም ተከተሉን ጠብቆ፣ ማን ለምን ምን እንዳደረገ ከነገረሽ የጎደለው አማርኛ ብቻ ነው። በሲዳምኛም ከተምታታበት ወይም ከዕድሜ እኩዮቹ በጣም ካነሰ ነገሩ የሁለተኛ ቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሪው፣ ጆሮው ደህና ከሆነ የንግግርና ቋንቋ ባለሙያ ይየው። ሁለቱም ችግር፣ ፊደሉም ቋንቋውም፣ አንድ ልጅ ላይ ሊኖር እንደሚችልም አትርሺ፤ ያኔ የፈጠራ ቃላቱንም ሲስት ወይም አንድ በአንድ ሲቆጥር ታዪዋለሽ።

ለተማሪዬ ያደረግኩት ይህን ነው። ከማንበቧ በፊት ታሪኩን እናወራዋለን፣ ከባድ የሚሆኑባትን ሦስት አራት ቃላት በሀዲይኛ ምን እንደሚባሉ እናቷን ጠይቃ ትመጣለች፣ ከዚያ እንደ «ባይ... ኖሮ» ያለውን አንዱን ብቻ ይዘን በራሷ ሕይወት ዐረፍተ ነገር ትሠራበታለች። «ባልታመም ኖሮ ትናንት እመጣ ነበር» ያለችኝ ቀን፣ መጣሽ እንዴ አልኳት። «ኧረ አልመጣሁም፣ ታምሜ ነበር» አለች።

የሁለቱን ቀን ሙከራ ስትጨርሺ ምን እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ በተለይ የሲዳምኛውን።