የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ፊድባክ ሜሞ፦ ምስጋናና እርማት

«ቲሜ ውስጥ ያለች ልጅ የሩብ ዓመት ሪፖርቷ ዳታው አሪፍ ነው፣ ግን እቅዱ ለምን እንደጎደለ አይናገርም። ሜሞ ስጽፍላት ወይ ሙገሳ ብቻ ይሆንብኛል ወይ ወቀሳ፣ ምን ላድርግ?»

ምስጋናውን ሪፖርቱ ውስጥ ከሚታይ አንድ ነገር ጋር እሰረው፣ እርማቱን ደግሞ ቀን ያለው ሥራ አድርገህ ስጣት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ገጽ 4 ላይ የዘገዩትን ትእዛዞች በየሳምንቱ ለይተሽ ስላስቀመጥሽ ችግሩ ከ7ኛው ሳምንት እንደጀመረ ወዲያው ገባኝ፣ ይሄን አሠራር እንዳትተዪው።

ገጽ 1 ላይ እቅድ 400፣ ክንውን 340 ይላል። የ60ዎቹን ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገር እዛው ሥር ጨምሪና እስከ ሐሙስ ላኪልኝ።»

ሁለቱን በ«ግን» አታያይዛቸው፣ ለየብቻ አንቀጽ ይሁኑ፣ ምክንያቱም «ጥሩ ነው ግን» ካልክ እሷ የምታስታውሰው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ብቻ ነው። የፊደል ግድፈት ምናምን ሜሞው ላይ አታስገባ፣ ፋይሉ ላይ ኮመንት አድርግበት፣ አለዚያ ዋናው እርማት ይዋጥና ኮማ አስተካክላ ትመልስልሃለች።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ ሜሞውን ለአለቃህ ሲሲ አታድርግ። እኔ አንዴ አድርጌው ልጁ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የጎደሉትን ቁጥሮች ከገጽ 1 አውጥቶ መጨረሻ አባሪ ላይ ከቷቸው መጣ፣ ሪፖርቱ ሲያዩት ያምራል ግን ችግሩን ያወቅነው ደንበኛ ሲደውል ነው። ያንን ልጅ እንደገና እውነቱን ፊት ለፊት እንዲጽፍ ማድረግ ሜሞውን ከመጻፍ በጣም ከበደኝ።