የክሊኒክ ቀጠሮ አፕ፦ ከፕሮፖዛል በፊት የመጡ ጥያቄዎች

«ፕሮፖዛላችን ላይ "ታካሚዎች ረጅም ሰዓት ይጠብቃሉ" ብለን ጻፍን። አድቫይዘራችን "በምን አወቃችሁ?" ብለው መለሱብን። ምን እንጨምር?» (አራት ተማሪዎች፣ ከ4 ኪሎ)

ሰዓት መዝግቡ። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ ፈቃድ ጠይቁና ተመላላሽ ታካሚ የሚበዛበት ጠዋት ላይ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ታካሚ አራት ሰዓት ያዙ፦ ሲደርስ፣ ካርዱ ሲወጣ፣ ሐኪሙ ጋ ሲገባና ሲወጣ። ስም አትጻፉ፤ ተራ ቁጥር ይበቃል።

አራቱን መለየት የሚያስፈልገው ካርድ ክፍል የሚባክነውን ጊዜ የቀጠሮ አፕ ስለማያሳጥረው ነው። ፕሮፖዛሉ የካርድ ክፍሉን ጊዜና ከካርድ በኋላ ሐኪም የሚጠበቅበትን ጊዜ አንድ ላይ ከደመረ ዲፌንስ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚያው ላይ ይመጣል።

አንድ ሐኪም ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30 ይሠራል እንበል። 240 ደቂቃ ነው፤ አንድ ታካሚ በአማካይ 15 ደቂቃ ከወሰደ 16 ሰው ይታያል። ሁሉም «ጠዋት ና» ተብለው 2:30 ላይ ከደረሱ፣ 16ኛው የሚገባው 6:15 ላይ ነው፤ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጠበቀ ማለት ነው። ችግሩ ቀጠሮ አለመኖሩ ሳይሆን ቀጠሮው ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። ፕሮብሌም ስቴትመንታችሁ ይህ ይሁን።

መፍትሔው ላይ ግን 16ቱንም ቦታ ለቀጠሮ አታውሉት። አንዱ ታካሚ 25 ደቂቃ ከወሰደ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይዘገያሉ፤ ያለ ቀጠሮ የሚመጣም አይቀርም። 12ቱን ለቀጠሮ፣ 4ቱን ክፍት አድርጉና ቁጥሩን ክሊኒኩ ራሱ እንዲቀይረው ፍቀዱለት።

«ሁለት ሰው አንድ ሰዓት እንዳይዝ "ቦታው ክፍት ነው ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ኮድ ጽፈናል። ይበቃል?»

አይበቃም። ሁለት ስልኮች በአንድ ቅጽበት ሲጠይቁ ሁለቱም «ክፍት ነው» ይባላሉ፤ ሁለቱም ይመዘገባሉ። ብቻችሁን ስትሞክሩት አይታይም፤ ዲፌንስ ላይ ሁለት ስልክ አንድ ላይ ሲነካ ነው የሚወጣው። ክልከላውን ዳታቤዙ ያድርገው። በPostgreSQL እንዲህ ነው፦

```sql
CREATE UNIQUE INDEX one_per_slot
ON appointments (doctor_id, start_utc)
WHERE status <> 'cancelled';
```

የመጨረሻው መስመር የተሰረዘ ቀጠሮ ቦታውን እንዲለቅ ያደርጋል። ለተቀደመው ሰው ጥያቄ ዳታቤዙ ስሕተት `23505` ይመልሳል፤ እሱን ያዙና «ይህ ሰዓት አሁን ተይዟል፣ ሌላ ይምረጡ» በሉት። MySQL ከ`WHERE` ጋር እንዲህ ያለ ኢንዴክስ አይቀበልም፤ የምትጠቀሙት እሱን ከሆነ ሌላ መንገድ ንደፉ።

ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ሠራተኛ በስልክ የምትቀበለውን ቀጠሮ በደብተር ከያዘች ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። እሷም እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ትመዝግብ፤ ስኮፑ ውስጥ የእሷን ገጽ አስገቡ።

«ቀኑንና ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እናስቀምጥ ወይስ በፈረንጅ?»

አሳዩ በኢትዮጵያ፣ አስቀምጡ በUTC። ሰኞ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ከጠዋቱ 3:00 የተያዘ ቀጠሮ ዳታቤዝ ውስጥ `2025-10-13T06:00:00Z` ነው። በአዲስ አበባ የፈረንጅ ሰዓት 9:00 ነው፤ ከዚያ ላይ 3 ሰዓት ሲቀነስ 6:00 UTC ይሆናል።

የተለመደው ብልሽት የስልኩን የሰዓት መምረጫ እንዳለ መጠቀም ነው። ታካሚዋ 3:00 AM ስትነካ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቷ ነው፤ አፑ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይመዘግብላታል። ሠንጠረዡ ውስጥ ከሌሊቱ ሰባት እስከ ጎህ ያሉ ቀጠሮዎች ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። መምረጫውን አስወግዱና «ጠዋት 3:00»፣ «ጠዋት 3:15» የሚሉ አዝራሮች አሳዩ።

ጳጉሜንም ፈትሹ። በ2019 ጳጉሜ 6 ቀን ስላላት መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው በፈረንጅ መስከረም 12 ነው። ቀን መቀየሪያችሁ 11 ካላችሁ ተበላሽቷል።

«ማስታወሻ በቴሌግራም ይሻላል በኤስኤምኤስ?»

የቴሌግራም ቦት ሰውየው ቀድሞ ካልጀመረው መልእክት ሊልክለት አይችልም፤ ስለዚህ ዋናው ኤስኤምኤስ ይሁን። በአማርኛ አንዱ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ በ67 በ67 ተከፍሎ ሒሳቡ ይጨምራል። «ሰኞ ጥቅምት 3 ከጠዋቱ 3:00 ቀጠሮ አለዎት። የማይመጡ ከሆነ 0 ይላኩ።» ክፍተቱ ጭምር 46 ነው።

የሕክምናውን ዓይነት አትጻፉ፤ ስልኩ የቤተሰብ ሊሆን ይችላል። በዚሁ ምክንያት ስልክ ቁጥርን የታካሚ መለያ አታድርጉት፦ እናት በአንድ ቁጥር ራሷንና ሁለት ልጆቿን ታስመዘግባለች። መለያው የካርድ ቁጥሩ ይሁን።